ስልሳ ሴንቲ መሠረት

የሥራ ባልደረቦቿ ተቆጣጣሪዋን መሐንዲስ «ሽክርክሪት» ይሏታል። እውነት አላቸው፤ ሻይዋ እስኪበርድ እንኳ ወንበር ላይ አትረጋም። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰባት። የትምህርት ቤቱን ሕንፃ የሚሠሩት ተቋራጭ ዘጠና አንድ ቀን ዘግይተዋል፤ በማስጠንቀቂያው የተሰጣቸው ጊዜም አልፏል። ውሉን የሚያቋርጠውን ደብዳቤ የምታረቅቀው እሷ ናት።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ዝም ብሎ አያባርርም። እስከዚያ ቀን የተሠራው ተለክቶ፣ የተከፈለውና የመዘግየት ቅጣቱ ተቀንሶ፣ ቀሪው ክፍያ ይጻፍበታል። ግድግዳና ዓምድ አያስቸግሩም፤ ቆመው ይታያሉ። መሠረቱ ግን አፈር ውስጥ ነው። የሕንፃው ንድፍ ሥዕል አንድ ሜትር ተኩል ይላል፤ የተቆፈረው ሁለት ሜትር ከአሥር ነው። ያኔ አፈሩ ልል ሆኖ ቢገኝ «ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፈር» ብላ በአፏ አዘዘች፤ በጽሑፍ ሳታረጋግጠው ዛሬ ነገ ስትል ረሳችው። «በቃል ያለ ይረሳል» እያለች ስንቱን ስትመክር የኖረች ሴት!

የመሥሪያ ቤቷ ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን አንብበው ቀና አሉ።

«ይኼ ስልሳ ሴንቲ ከየት መጣ?»

«ከእኔ አፍ።»

«በይ የሥዕሉን ጻፊና ተገላገይ! በገዛ እጅሽ ጣጣ ልትጎትቺ ነው?»

ኮሪደሩን ሦስቴ ተመላለሰች። ብትጽፈው ሥራዋን ልታጣ ትችላለች፤ ባትጽፈው የተቋራጩ ላብ ተቀብሮ ይቀራል። በማግሥቱ ተቋራጩን ጠርታ የመሠረቱን ጎን አስቆፈረች። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘው ለኩ፤ ልኬቱ ላይ ሁለቱም ፈረሙ። ደብዳቤው ላይም «በተቆጣጣሪዋ የቃል ትእዛዝ» ብላ ጻፈች። ተጨማሪው ቁፋሮ ያኔ የፈጀው አሥራ ስምንት ቀን ከመዘግየቱ ተቀነሰ። የቀረው ሰባ ሦስት ቀንም ውሉን ለማቋረጥ ይበቃ ነበርና ሥራ አስኪያጁ እያጉረመረሙ ፈረሙ።

ደብዳቤውን ለተቋራጩ ራሷ ሰጠቻቸው። ቀለል ብሏት ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ኮርታለች። ቆመው አነበቡ፤ ስልሳ ሴንቲው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼን ያኔ ጽፈሽው ቢሆን ልጄ፣ የተጨማሪው ቁፋሮ ክፍያ በወቅቱ ይደርሰኝና ሠራተኞቼን አልበትንም ነበር። ወገቤን የሰበረኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ምነው ጋሼ፣ ወረቀት ስጪኝ ሳይሉኝ ቀሩ?»

«አንቺ ፊቴ ቆመሽ ያዘዝሽኝን፣ ወረቀት አምጪ ልበልሽ? ያላመንኩሽ እንዳይመስልሽ ብዬ አፈርኩ።»

እሳቸው መረከቢያው ላይ ፈርመው፣ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አይዞሽ፣ ልኬትሽ ትክክል ነው» ብለዋት ወጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።