በምሳ ዕቃ የሄደው ደብዳቤ

ልብስ ተኳሿና ባሏ የሚነጋገሩት በምሳ ዕቃ ነበር። እሱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሲመሽ ወጥቶ ሲነጋ ይገባል። እሷ ሆቴል ውስጥ የአልጋ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች፤ ሲነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። አንዱ የተነሳበት አልጋ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይተኛበታል። አብረው የሚያድሩት እሱ በሚያርፍበት ቀን ብቻ ነው። ስልክ ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም። ግን የሰውየው እጅ ሁልጊዜ ሊጥ ነው፤ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አጋድሞ፣ ድምፁን ለቆ ነው የሚያወራው። እሷ "ደህና ዋልክ?" ስትል ዳቦ ቤቱ በሙሉ "እግዜር ይመስገን!" ብሎ ይመልስላታል።

ስለዚህ ቁም ነገር ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከምሳ ዕቃው ጋር ይሄዳል። "ጋዝ አልቋል።" "እናትህ ደውለው ነበር።" "ዛሬ ሆዴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።" ይሄ የመጨረሻው የሄደ ለት፣ ባዶው ዕቃ "የኔ አንበሳ!" የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። እሷም ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ስትተኩስ ዋለች። ሞኝ ናት እንዳትሏት፤ ባሏን ትወደው ነበር።

ለእርግዝና ክትትል የሄደች ቀን "ሽንቴን ያቃጥለኛል" ብላ ነበርና ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱ ሲደርስ ነርሷ በሩን ዘግታ አስቀመጠቻት።

"ጨብጥ ነው። አትደንግጪ፣ ይድናል።"

"ሲስተር፣ ወረቀቱ ተቀያይሮ እንዳይሆን?"

"ያንቺው ነው።"

"እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም!"

"ማን ከማን እንደወሰደው ምርመራው አይነግረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም" አለች ነርሷ። "ብዙ ሴት ምንም ሳይሰማት ይዛው ትኖራለች። ሳይታከም ከቆየ ግን ስትወልጂ ወደ ልጁ ዓይን ይገባል፤ ዓይነ ስውር ሊያደርገው ይችላል። አንቺን ዛሬ አክምሻለሁ። እሱ ካልታከመ ግን መልሶ ያሲዝሻል፣ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው።"

መርፌዋን ወጋቻት፤ ኪኒኑን እዚያው አስዋጠቻት። ሲጨረስ አንዲት ቢጫ ወረቀት ሰጠቻት። የማንም ስም የለባትም፤ "ይህን የያዘ ሰው ያለ ወረፋ ይታይ" ይላል። "ይቺ አብሮሽ ለሚተኛው ሰው ናት። ሌላ ሥራ የላትም" አለቻት።

ተኳሿ መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ጨብጥን የምታውቀው በስድብ ነው፤ ሰካራም በሰካራም ላይ ሲወረውረው። በምሳ ሰዓት ከተኮሰቻቸው አንሶላዎች አጠገብ ተቀምጣ ጻፈች። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች እርግማን ነበር። መልሳ አነበበችውና "ይሄን ካየ ያኮርፋል እንጂ አይታከምም" ብላ ቀደደችው። ለራሷ ሳይሆን በሆዷ ላለው ልጅ ስትል ደሟን አብርዳ እንደገና ጀመረች።

"ክሊኒክ ሄጄ ጨብጥ ተገኘብኝ። ይድናል። እኔ ዛሬ ታክሜያለሁ። አንተ ምንም ባይሰማህም መታከም አለብህ፤ አንዳችን ብቻ ከታከምን እየተቀባበልን ነው የምንኖረው። የልጃችን ዓይን ላይ የሚመጣ ነገር ነው። አንተም ከታከምክ በኋላ ሳምንት ሙሉ አብረን አንተኛም። ቢጫዋን ወረቀት ይዘህ ና። ማን አመጣው የሚለውን ኋላ እናወራለን።"

ደብዳቤውን ከቢጫዋ ወረቀት ጋር በፖስታ አሽጋ በምሳ ዕቃው ላከችው።

ጠዋት ገባ። ዕቃውን አቀበላትና ዓይኗን ሳያይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ክዳኑን ከፈተችው። ቢጫዋ ወረቀት እንዳለች ተመልሳለች። ከሥሯ የእሱ ጽሑፍ አለ።

"እኔ ይሄን በሽታ ገና ክረምቱ ሳይገባ ታክሜ ጨርሻለሁ። መርፌውን ወስጃለሁ። ንጹሕ ነኝ። እንግዲህ ያንቺው ከየት እንደመጣ አንቺው ታውቂያለሽ።"

ደግማ አነበበችው። ክረምቱ ሳይገባ! አሁን ክረምቱ ሊወጣ ነው። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላት፣ እሱ "የኔ አንበሳ" እያለ ሲጽፍ፣ ያውቅ ነበር። ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈችው።

"ተነስ!"

"ምን ሆንሽ? ልተኛበት እንጂ፤ ስሠራ አድሬ…"

"መርፌውን ሲወጉህ ምን አሉህ?"

"ምን ይሉኛል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አሉህ?"

ተነስቶ ተቀመጠ። ጆሮው ላይ ዱቄት አለ። "ሚስትህን አምጣ አሉኝ።"

"እና?"

"ትጣይኛለሽ ብዬ ነዋ።"

"ጠብ ፈርተህ የልጅህን ዓይን ሰጠህ!"

"እኔ እኮ ድኛለሁ…"

"ድነህ የት ገባህ? እዚሁ አልጋ ላይ አይደለም? እኔ መች ታከምኩ? የሰጠኸኝን መልሰህ ከኔ ወሰድክ! መርፌው የያዘህን ይገድላል እንጂ ዳግመኛ እንዳይዝህ ዘበኛ ሆኖ አይቆምልህም።" ድምፅዋ ለጎረቤት ተርፏል፤ ይትረፍ። "አሁንስ? አያቃጥልህም?"

የተገፈፈውን ብርድ ልብስ ወደ ራሱ ጎተተ።

"እየጠየቅኩህ ነው።"

"ሰሞኑን ትንሽ… መድኃኒቱ ደካማ ቢሆን ነው ብዬ…"

እሷ ላይ ጣቱን ሲቀስር ያደረው ሰውዬ ይሄው ነው። እኔ ብሆን ምሳ ዕቃውን አናቱ ላይ ነበር የምከሰክሰው። እሷ ግን ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ከፊቱ ወረወረችለት። "አድርግ። ከሥራዬም ላርፍድ። ዛሬ ሳትታከም እዚህ አልጋ ላይ ጎንህ አያርፍም።"

መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ "ከማን አመጣኸው?" አለችው። "የድሮ ነገር ይሆናል፤ ሳላገባሽ በፊት የነበረ" አለ። ልታምነው ፈለገች፤ ያናደዳትም መፈለጓ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ቢጫዋን ወረቀት ተቀብላ እሱን ብቻውን አስገባችው። ተኳሿ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ጠበቀች። ከበሩ ወዲያ የሚባለው አይሰማም። ቆየ። ሲወጣ በአንድ እጁ መቀመጫውን ያሻሻል። ነርሷ ከኋላው ብቅ ብላ "ሳምንቱን እንዳትረሱ፤ አንቺም ለድጋሚ ምርመራ ትመጫለሽ" ብላ ተመለሰች።

"ይኸው ተወጋሁ" አለ፣ እንደ ጎበዝ ልጅ። "ኪኒኑንም ዋጥኩ። በቃ፣ አለቀ አይደል?"

እሷ የምታየው ሌላኛውን እጁን ነበር። ጣቶቹ መሃል አዲስ ቢጫ ወረቀት አለች። ሊያጥፋት ሞከረ፤ ኪሱ ውስጥ ሊከታት ሞከረ፤ ዘገየ። እሷ ታክማለች። የእሷ ወረቀት እሱን አምጥታ ሥራዋን ጨርሳለች። ይቺኛዋ ለሌላ ሰው ናት፤ ያውም ከጋብቻ በፊት ላለፈ ሳይሆን፣ ዛሬም ለምትገኝ ሰው።

ጮኻ ትሰድበኛለች ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። እሷ ግን አግዳሚውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሳች።

"የጨብጡ ያልቃል" አለች። "ወረቀቷን እንዳትጥላት። አድርስላት፤ እሷም ትታከም።"

ማታ ጋጋሪው ወደ ሥራው ሲወጣ ምሳ ዕቃውን ባዶውን፣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘው።