ፍል ውሃው በክረምት

በጉዞ ወኪሉ ቢሮ «ቀን ቆራጯ» ይሏታል። ስሟን የሚያስታውስ ካለ ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ደንበኛ ይመጣና ከፊቷ ዘፍ ብሎ፣ «ዝናብ የማይኖርበት፣ ልጆች ትምህርት የሚዘጉበት፣ በዓሉ የማያመልጠን፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ቀን ፈልጊልኝ» ይላታል። «እንዲህ ያለ ቀን ቢኖር እኔን እዚህ ምን ጎለተኝ?» ትላለች በሆዷ። በአፏ ግን ረጋ ብላ ታስረዳለች። ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው ክረምት ላይ ነው። ክረምቱ ሲያባራ በዓሉ ይከተላል፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ የአልጋ ዋጋ ሰማይ ይወጣል። ከበዓሉ በኋላ መንገዱም ይደርቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ግን ልጆች ክፍል ገብተዋል። ደንበኛው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ምንም እንዳልተነገረው፣ «እና መቼ ይሻላል?» ይላታል።

ከወቅቶች ሁሉ የምትጠላው ክረምቱን ነው። ቢሮው ጭር ሲል አለቃዋ ከጓዳው ብቅ ይልና፣ «ደውሉ እንጂ! ፍል ውሃውን ሽጡ! የጸጥታ ወቅት በሉት!» እያለ ይጮኻል። እሷም ስልኩን አንስታ ትሸጣለች። ሰው አይጋፋም፣ ዋጋው ግማሽ ነው፣ ተራራው ለምልሟል ትላለች። ውሸት አልነበረም። ግን ፍል ውሃውን በክረምት በዓይኗ አይታው አታውቅም።

አንድ ዓመት እናቷን ጉልበቷ እምቢ አላት። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ሐኪሙ ሙቅ ውሃ ሕመሙን እንደሚያስታግስላት ሲነግራት፣ ልጆቿን ሰበሰበችና፣ «ሌላ አላስቸግራችሁም። ሦስታችሁም ባላችሁበት ፍል ውሃ ውሰዱኝ» አለቻቸው።

ጣጣው ሦስቱን ማገናኘቱ ላይ ነበር። ታናሽ እህቷ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ዕረፍት ውጭ ንቅንቅ አትልም። ታላቅ ወንድሟ ጫማ ነጋዴ ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ሱቁን ያጨናንቀዋል። እሷ ደግሞ ፈቃድ የምታገኘው ገበያ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች፤ በመጨረሻ ከዕረፍቱ ማለቂያ ላይ አንድ ሳምንት አገኘች። ያኔ ዝናቡ ይሳሳል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ የጫማ ግርግሩም ገና አይጠናም። ክረምቱ ገና ሲያይል፣ አልጋ ፈላጊ ባጣበት ሰሞን፣ ሁለት ክፍል አስያዘች። ወንድሟ፣ «ታላቅ እያለ ታናሽ አይከፍልም» ብሎ ሙሉውን ከፈለ፤ ክፍሎቹም በእሱ ስም ሆኑ። እናታቸው መርቃ አልጠገበችውም።

ትንሽ ቆይቶ የበዓሉ ቀን ተነገረ። ቀኑ በየዓመቱ በጥቂት ሳምንት ወዲህና ወዲያ ይላል፤ በዚያ ዓመት ትምህርት ሳይከፈት እዚያው ሳምንት ላይ ዱብ አለ። ዕረፍትና በዓል ሲገጥሙ ምን እንደሚመጣ እሷ ታውቃለች። ወዲያው በፍል ውሃው ከተማ አልጋ ጠፋ፤ የተረፈውም ሦስት እጥፍ ሆነ። የእነሱ ግን በቀድሞው ዋጋ እንደተያዘ ነው። «ቀን ቆራጯ ዘንድሮ ለራሷም ቆረጠች!» ብለው ባልደረቦቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ወንድሟ እናቱ ዘንድ ደወለ። «እማዬ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጧል አሉ። እንኳንም ሳንነሳ ሰማን።» እናትየዋ የቋጠረችውን ልብስ ፈታች። አስተማሪዋም፣ «እንግዲህ አልፈቀደውም» ብላ ተወችው። ቀን ቆራጯ ግን ነገሩ አልዋጥ አላት። የቢሮው አውቶቡስ የዚያኑ ቀን ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል። ምናልባት ከዚያ በኋላ ከላይ በኩል ዝናብ ጥሎ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

በማግሥቱ ባልና ሚስት መጥተው ፊቷ ተቀመጡ። «ፍል ውሃ የሚያደርሰን መኪና ፈልጊልን» አለች ሴትየዋ።

«አልጋ ይዛችኋል? አሁን እኮ አይገኝም።»

ሴትየዋ ኮራ አለች። «ጫማ የምንገዛበት ሰውዬ ለእናቱ የያዘውን ሁለት ክፍል ለእኛና ለልጆቻችን ለቀቀልን። ጉድ አድርጎ ነው ያስከፈለን፤ ግን በዚህ ጊዜ ምን ይደረግ?»

 ቀን ቆራጯ ስልኩን አንስታ የቢሮውን ሾፌር ጠየቀችው፤ መንገዱ ደህና ነው፣ ትናንትም ተሻግሬያለሁ አላት። መኪናውን ያዘችላቸው። አመስግነዋት ሲወጡ የገዛ እጇ አስጠላት።

በምሳ ሰዓት ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የአንድ ሕፃን ጣት በጫማው ላይ እየዳበሰ ነበር። የሕፃኑ እናት ከፍላ እስክትወጣ ቀን ቆራጯ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ ወንዙ መሙላቱን ማን ነገረዎት?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰዎቹን አግኝቻቸዋለሁ። መኪና የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

የሚያፍር መስሏት ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ታዲያ ምን አለበት?» አላት። «በዓሉ ይለፍና በርካሽ እንወስዳታለን። በዚህ ገበያ ሱቅ ዘግቼ ውሃ ውስጥ ልቀመጥ? ደግሞ አንቺስ? ሲወደድ መሸጥ፣ ሲረክስ መሸጥ እንጀራሽ አይደለም እንዴ?»

«የእናቴን አልጋ ግን አልሸጥኩም። የሸጥከው አንተ ነህ!»

«አንተ» ማለቷን የሰማችው ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እርስዎ ስትለው ኖራለች። ወንድሟ ከውሸቱ መጋለጥ ይልቅ ይሄኛው አስደነገጠውና፣ «ምን አልሽኝ?» አላት። እሷ ዞራ ወጣች።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የቤቱን ወለል እያየች ሰማቻትና፣ «ቸግሮት ነው» አለች።

«ኧረ አልቸገረውም፣ እማዬ!»

«ቸግሮት ነው አልኩሽ። ልጄን አትክሰሽብኝ።»

ከወንድሟ ውሸት ይልቅ ይህ አንጀቷን አሳረረው።

በዓሉ አለፈ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ያ ደረቅና ርካሽ ወቅት መጣ። ወንድሟ ስለ ፍል ውሃ ትንፍሽ አላለም። አስተማሪዋ ክፍል ገብታለች። እሷም ፈቃድ ብትጠይቅ አለቃዋ፣ «የውጭ አገር ጎብኚዎች በሚመጡበት ሰዓት? አብደሻል?» አላት። ፈቃዷን ያገኘችው በሚቀጥለው ክረምት እምብርት ላይ ነው። አስተማሪዋ ለክረምት ሥልጠና ተጠርታ ስለነበር፣ እሷ ብቻዋን እናቷን ይዛ ተነሳች።

ወንዙ አሁን በእርግጥ ሞልቶ ነበር። አውቶቡሱ ዳር ቆሞ ጎርፉ እስኪጎድል ሲጠብቅ፣ ተሳፋሪው በተዘጋ መስኮት ውስጥ እርስ በርሱ ሲተነፋፈስ ዋለ። ሆቴሉ ሲደርሱ አንድ ዘበኛና አንዲት የጽዳት ሴት ብቻ አሉ፤ ሌላው ሠራተኛ በዕረፍት ተበትኗል። አንሶላው እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ጠዋት እናቷን ደግፋ ወደ ገንዳው ወረደች። ጎርፉ የአጥሩን ሥር ሰርስሮ ገብቶ ፍል ውሃውን ለብ ያለ ጭቃ አድርጎታል። ላዩ ላይ ቅጠል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሆዱ የተነፋ አይጥ ይንሳፈፋል።

«በክረምት ሁሌም እንዲህ ነው?» አለቻት እናቷ የጽዳት ሴትዮዋን።

«ሁሌም፣ እማማ። ዝናቡ ሲያቆም ነው የሚጠራው።»

እናቷ ወደ ልጇ ዞረች። «ለሰው ስትሸጪ የኖርሽው ይህን ነው?»

 አለቃዋ ትዝ አላት፤ ወንድሟም። በስልክ ያባበለቻቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ትዝ አሏት። ገንዳው ዳር ጎንበስ ብላ አስመለሳት። እናቷ ጀርባዋን ያዘችላት፤ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቷ ጎንበስ ብላ።

ሥራ ስትመለስ አለቃዋ ያንኑ ስልክ ወደ እሷ ገፋው። ለመጀመሪያው ደንበኛ፣ ጎርፍ ገንዳው ውስጥ እንደሚገባ ነገረችው፤ ሰውየው አመስግኖ ዘጋ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ስልኩን አንስቶ አዲስ ለተቀጠረች ልጅ ሰጣትና ቀን ቆራጯን ወደ አውቶቡስ ቲኬት አዛወራት። አዲሷ ልጅ ድምፅዋ ያምራል፤ በሳምንቱ ብዙ ሸጠች።

ወንድሟ አሁንም በየሳምንቱ እናቱ ቤት ምሳ ይመጣል። ቀን ቆራጯ አብራ ትበላለች፣ ውሃ ታቀብለዋለች። እርስዎ ግን አትለውም። ብርጭቆውን ከእጁ ስትቀበል በጣቷ ጫፍ ብቻ ይዛ ነው፤ ወጥ ቤት ገብታም ከሌላው ሁሉ ለይታ ደጋግማ ታጥበዋለች።