ምልክት ብቻ የነበረበት ሠንጠረዥ

ለገበሬዎች ማኅበራችን ሶፍትዌር የሸጠው የሆሳዕና ነጋዴ አታለለኝ። በዋጋ ሠንጠረዡ ላይ በቀረቡት በሦስቱም ፓኬጆች ሥር፣ «የአባላት ምዝገባ» ከሚለው ትይዩ፣ ያው አንድ ዓይነት ምልክት ነበር፤ ርካሹን ገዛሁ።

ስንዴ ስንረከብ ሶፍትዌሩ ሦስት መቶ አባል እንደሞላ ሌላ አልመዘግብም አለ። ስሙ ስላልተመዘገበ ደረሰኝ ያልወጣለት ከጊምቢቹ የመጣ ሽማግሌ ጮኸብኝ፦ «ስንዴዬን መዝነህ ደረሰኝ ትከለክለኛለህ? ሌባ!» በሩን ሰው ሞላው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ፣ ገደቡን ሳላነበው ያለፍኩ መሰለኝ። ሠንጠረዡን ደጋግሜ አየሁት፤ የለም።

ለነጋዴው ደወልኩ። «አባባ፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው የታወቀ ነው» አለኝ።

«ማን ነው ያወቀው? ምልክቱ አጠገብ ጻፈዋ!»

ጻፈው፤ «እስከ ሦስት መቶ አባል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍያ አለ»። የእኛንም ገደብ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አነሳልን። ሽማግሌው ደረሰኙን የተቀበለኝ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ በገና ዋዜማ ነው።