ስስ ሸሚዝና የጎን ስፌቱ

መቱ ላይ የቀጠረኝ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዬ አንስቶ ቁልፍ ተካይ አደረገኝ። ጥፋቴ ስስ ሸሚዝ ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቁን ጠርዝ በክር የሚከፍፈው ስፌት፣ ብቻ አይበቃውም ማለቴ ነው።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ላላ ያለ ስለሆነ ስፌቱ ይተረተራል። እንደ ጂንስ አጣጥፈን ሁለት መስመር ብንሰፋበት ደግሞ ይኮማተራል። የፈረንሳይ ስፌት ይሻላል፤ ውስጡን ከውስጡ አገናኝቼ እሰፋና ጠርዙን ከርክሜ፣ ገልብጬ ድጋሚ ስሰፋው ጠርዙ ይቀበራል» አልኩት።

«ፊደል ያልቆጠረ ፈረንሳይ ሊያስተምረኝ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያው ጣቃ ለራሱ ሸሚዝ በኦቨርሎክ ሰፋ። እኔም በትራፊው ለራሴ በእጅ መርፌ በፈረንሳይ ስፌት ሰፋሁ። ክረምቱን ሁለታችንም ለበስን፣ አጠብን።

ደመራ ላይ ጋሼ ችቦ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ ሸሚዙ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ። እዚያው የነበሩ ደንበኞቹ የኔን ገልብጠው አዩት፤ አንድ ክር አልወጣውም።

ይቅርታ ሳይለኝ መኪናዬን የመለሰልኝ መስከረም አስራ ስምንት ቀን ነው።