ጨረቃን ሳልጠይቅ የለጠፍኩት ኢድ

አክስቴ አሜሪካ፣ ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት በከፈተች በአምስተኛው ወር ረመዳን መጣ። ያን ወር ሰው ካላወቃት ቤቱ እንደማይቆም ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያውን እኔ ያዝኩ። ሥራዬ ኤርፖርት ካርጎ ክፍል ዕቃ መቁጠር ነው፤ ያም ቢሆን ከቤተሰቡ ስልክ አዋቂ ተብዬ የተሾምኩት እኔ ነኝ።

በየቀኑ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ ሞት መስሎ ታየኝ። ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ከቀትሩ ዙህር እስከ ጀምበር መጥለቂያው መግሪብ ሳልነሳ የወሩን ሁሉ ጨረስኩት። ዘዴው ቀላል ነው፤ አምስት ቅርጾችን አንዴ መሥራት ብቻ ነው። አንዱ ለሾርባና ለሳምቡሳ፣ አንዱ ለማፍጠሪያ ሰዓት፣ አንዱ ለደንበኛ ምስክርነት፣ አንዱ ለምክር፣ አንዱ ለእንኳን አደረሳችሁ። የቤቱ ምልክት፣ ቀለሙና ፊደሉ አይነካም፤ ፎቶውንና አንዷን መስመር እየቀየርኩ ማባዛት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀንና ሰዓት ሰጠሁት። የስልኬ መተግበሪያ በቀኑ ራሱ ይለጥፈዋል፤ እኔ ብተኛም፣ ብሞትም።

ለኢድ ቀን ሁለት አዘጋጀሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «ኢድ ሙባረክ! ዛሬ በራችን ክፍት ነው»። ቀትር ላይ ደግሞ የደንበኛ ምስክርነት፤ ሐጂ ጥብስ ጎርሰው፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ ከሥር «ዛሬም ምሳዬ እዚሁ ነው!» የሚል። ፎቶውን ያነሳኋቸው ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን ነው። ሐጂ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው የበሉበትን ቤት ሰው አይጠራጠርም። ቀኑን ከግድግዳው ካሌንደር ላይ ወሰድኩት። «ኢድ» ብሎ ጽፎበት ነበር፤ ምን ልጠራጠር?

በሃያ ዘጠነኛው ማታ መስጊዱ «ጨረቃ አልታየችም፣ ነገ ጾም ነው» አለ። እኔም አንድ ቀን ተጨመረ ብዬ አጉረመረምኩ፣ ሱሁሬን በልቼ ወደ ሥራ ሄድኩ፣ ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆለፍኩ። መተግበሪያው ግን የመስጊዱን ወሬ አይሰማም።

ለእረፍት ስወጣ አሥራ ሰባት ያልተነሳ ጥሪ አየሁ። ሁሉም ከአክስቴ ነው። ደወልኩላት።

«አንቺ! ሐጂን በጠራራ ፀሐይ ጥብስ አበላሽብኝ!»

አፌ ደረቀ፤ ጾሙ አልነበረም ያደረቀው። ሁለቱንም እዚያው ቆሜ ዲሊት አደረግኳቸው፤ ግን ፎቶው በየግሩፑ ተዳርሶ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ቤድፎርድ ነዳሁ።

ስደርስ ሐጂ የምግብ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«እኔስ ግድ የለም፤» አሉ። «ባለቤቴ ግን ከሱሁር ጀምሮ አብራኝ ውላ፣ ፎቶውን ስታይ ጠጋ ብላ አፌን አሸተተችኝ።»

አክስቴ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። እኔም ልስቅ ስል፣ ከሐጂ ፊት ለፊት ነጭ ጀለቢያ ለብሶ አንገቱን የደፋ ወጣት አየሁ። በዲቪ የመጣ ነው፤ አዲሰን የምትባል ከተማ ብቻውን ይኖራል፣ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ይሠራል።

«እህቴ፣ ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ፤» አለኝ። «ጠዋት ስወጣ የናንተን ፖስት አየሁ። ሻወር ወሰድኩ፣ ዶናት በላሁ። ሶ... ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ለሰው ደውለህ አልጠየቅክም?»

«ማንን?»

አፈርኩ። ሠላሳ ቀን ሙሉ «ውድ ቤተሰቦቻችን» እያልኩ የለጠፍኩት ለማን እንደሆነ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይሄ ልጅ ግን አምኖን ነበር።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳታውቅ ነው የበላኸው፣ ወንጀል የለብህም። እስከ መግሪብ ከምግብ ታቀብ፤ ከኢድ በኋላ አንድ ቀን ጾመህ ቀዷ ታወጣለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም አብረሽው ትጾሚያለሽ። ያውም ያለ ፖስት።»

በዚያን ዕለት ከእኛ ጋር አፈጠረና ሄደ። ማታ የኢዱን ማስታወቂያ በእጄ ለጠፍኩ። ከዚያ የልጁን ቁጥር ከአክስቴ ተቀብዬ ደወልኩለት። ሠላሳው ሞልቷል፣ የሚያጠራጥር ነገር የለም፤ ቢሆንም ደወልኩ።

«ነገ ኢድ ነው፤» አልኩት። «በእርግጠኝነት።»

«አውቃለሁ፤» አለኝ። «አሜሪካ ከገባሁ ግን ኢድ መሆኑን ደውሎ የነገረኝ የመጀመሪያ ሰው አንቺ ነሽ። በስንት ሰዓት ልምጣ?»