ዘሥላሴ የረገጠው ሹራብ

ዘሥላሴና ሚስቱ ወለተሐና ደብረ ብርሃን ውስጥ የግቢ ጎረቤቶቼ ናቸው። እሱ አናጢ ነው። አባቱ ግን መንዝ ውስጥ ዝተት ሸማኔ ነበሩ፤ ያ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ። አባቱን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ወለተሐና አንድ ሹራብ ነበራት። እህቷ ፅጌረዳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የበግ ፀጉር ፈትላ በሁለት መርፌ የሠራችላት። እኔ ደጃፍ ተቀምጣ ስትሠራው ትዝ ይለኛል። አንገቱ ላይ አንድ የክር ዓይን አምልጧት ትንሽ ቀዳዳ ሲቀር፣ «ይተዉት፣ ማን ያየዋል» ብላ ስቃ አለፈችው። ከሞተች ወዲህ ወለተሐና ሹራቡን ማንንም አታስነካም። ራሷ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥበዋለች፤ አታሸውም፣ አትጠመዝዘውም፣ ጆንያ ላይ ዘርግታ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች።

አምና ጥቅምት ለአጎቷ ተዝካር አንኮበር ሄደች። ጥቁር ስለለበሰች ሹራቡን ወንበር ላይ ትታው ነበር። በማግስቱ ዘሥላሴ ምሳውን ሲያቀርብ ሽሮ ደፋበት።

እኔ ስወጣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሳፋ ውስጥ ቆሟል፤ ይረግጣል። ውሃው ይተናል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ሹራብ እያጠብኩ ነዋ፣ እትዬ አማረች። የበግ ፀጉር በእግር ነው የሚታጠበው። አባቴ ዝተቱን ሸምኖ ሲያበቃ ሙቅ ውሃና ሳሙና አፍስሶ ግማሽ ቀን ያስረግጠን ነበር።»

እኔ ምን አውቃለሁ። እንዲያውም ሲረግጥ ልጅነቱ የተመለሰ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ አወጣው። የሰባት ዓመት ልጅ ልክ ሆኗል። ወፍሮ፣ ደንድኖ፣ የመርፌው ሥራ ጠፍቶ አንድ ወጥ ሆኗል። ዘሥላሴ ሳፋው ውስጥ እንደቆመ አገላበጠው።

«ዝተት እኮ የሚረገጠው እንዲያጥር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ተጠጋግቶ ንፋስ እንዳያስገባ። አባቴ ለዚህ አንድ ክንድ አስበልጦ ይሸምን ነበር። ይሄ የተሠራው በልኳ ነው።»

እጅጌውን ሊጎትት ሲል ያዝኩት። «ትቀደዋለህ። ፀጉር ከሆነ ፀጉር የምታውቅ እንጠይቅ።»

መንገድ ዳር የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ሔራን ሹራቡን በጣቷ ዳሰሰች። «ጋሽ ዘሥላሴ፣ ይሄ እኮ ማበጠሪያ የማይገባው ፀጉር ሆኗል» አለችው። ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው አለች፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይከፍተዋል፣ መረገጡ ደግሞ አንዱን ባንዱ ያቆላልፈዋል።

«ይፈታል?» አላት።

«ትንሽ። ሁሉም አይፈታም።»

ፀጉር ማለስለሻዋን ሰጠችን። ለብ ባለ ውሃ በጥብጠን ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው። በፎጣ ጠቅልለን፣ ተጭነን ውሃውን አወጣንለት። ከዚያ ብርድ ልብስ ላይ ዘርግተን ከየጎኑ በቀስታ፣ ጥቂት ጥቂት እየሳብን፣ ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ ያዝነው። እኔ በጣቴ እለካለሁ። ቁመቱ አራት ጣት ጨመረ። ጉድ ነው ብዬ በየሰዓቱ ተነስቼ አያለሁ። ደርቆ መርፌው ሲነቀል አንዱን ጣት መልሶ ወሰደው። ወርዱ አሁንም ለወለተሐና አይበቃም።

«ጎንና ጎኑን ቀድጄ ዝተት ብጨምርበት ይበቃታል» አለ። ከአባቱ የቀረው አንድ ዝተት ብቻ ነው። መቀሱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። «አይ፣ አንዴ ሳልጠይቃት ነክቻለሁ።»

ስትመጣ በር ላይ ጠበቃት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሹራብሽን አበላሽቻለሁ» አለና ሰጣት።

ተቀበለችው። ብዙ አየችው። «በምን?»

«በእግሬ።»

እኔ ላይ ዞረች። «እርስዎም እያዩ፣ እትዬ አማረች?»

«እያየሁ» አልኩ።

ወደ ብርሃን አወጣችና አንገቱን በጣቷ ትፈልግ ጀመር። እዚያ ጋ ብዙም አልተረገጠም ነበር። ጣቷ ያቺ ፅጌረዳን ያመለጠቻት ዓይን ላይ ቆመ። እንባዋ ወረደ፤ ግን ፊቷ ለቀቅ አለ።

«ይቺ አለች» አለች።

ያሰበውን ያኔ ነገራት። «የአባትህን ዝተት?»

«አዎ።»

«ይቆጭሃል።»

«ይቆጨኛል።»

መቀሱን ራሷ አነሳችና ከብብቱ እስከ ታች ቀደደችው። ይተረተራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ክር አልወጣም፤ መረገጡ አስሮታል። ከዝተቱ ሁለት ጥቁር ጥብጣብ ቆርጠው ከግራም ከቀኝም ሰፉበት።

አሁን ትለብሰዋለች። እጅጌው ከአንጓዋ በላይ ይቀራል፤ ንፋስ ግን አያስገባም። ሲቆሽሽ የሚያጥበው እሱ ነው፣ በቀዝቃዛ ውሃ። እሷ ወንበር አውጥታ አጠገቡ ትቀመጥና እግሩን ትጠብቃለች።