ከሲቪው ያጠፋኋት መስመር

እህቴ ሥራውን እንዳላገኘች ከእሷ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። የእሷ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለነበረ ኢሜይሏ የሚከፈተው በእኔ ስልክ ነው። እኔ እንጅባራ ላይ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። እሷ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርባ አካባቢ እቤት ተቀምጣለች። ያመለከተችው ዳንግላ ቢሮ ላለው የችግኝ ፕሮጀክት ነበር። የሥራው ቦታ ዘንገና ስለሆነ ከቤታችን በእግር ያስኬዳል። የእናታችን ዓይን እየደከመ በመጣበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ሥራ አልነበረም።

ከአንዲት የሰው ኃይል ባለሙያ የመጣው ኢሜይል አጭርና ትሑት ነበር፤ ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ በዚህ ዙር አልተመረጡም ይላል። ክፍል ውስጥ ሆኜ አነበብሁትና ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

ቅዳሜ እቤት ሄድሁ። ድንች እየኮተኮተች ነበር። ኢሜይሉን አነበብሁላት።

«አልፈለጉኝም ለማለት ይህን ያህል ምስጋና?» አለች።

«እታለም፣ መልስ ይጻፍለታል እኮ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ነግሮናል። ምን እንደጎደለ ይጠየቃል፤ ለሌላ ጊዜም እንዳይረሱሽ ይነገራል።»

«ደጅ ጥናት በስልክ መጣ በለኛ!»

ሳቀች፤ ግን መኮትኮቻዋን አስቀመጠች። እኔ ጽፌ ነበር የሄድሁት። የእናታችንን ዓይን፣ ሁለቱን ዓመት፣ የቤታችንን ችግር ሁሉ ዘርዝሬ ከአንድ ገጽ በላይ አድርጌዋለሁ። ሳነብላት ከግማሹ ላይ አስቆመችኝ።

«ይህን የምታነበው ሴትዮ ምን እንድታደርግ ነው? እንድታለቅስ?»

«እንድታዝንልሽ…»

«አዝና አትቀጥረኝም። አጥፋው።»

አራት ዓረፍተ ነገር ቀረ። ውጤቱን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ውሳኔያችሁን አከብራለሁ። በማመልከቻዬ ውስጥ ማሻሻል የሚገባኝ አንድ ወይም ሁለት ነገር ካለ ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል። ወደፊት ተመሳሳይ ቦታ ሲከፈት ብታስቡኝ ደስ ይለኛል። ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ አብረን ወጣንና በዚያው በመጣው ኢሜይል ላይ መልስ አድርገን ላክነው።

ማክሰኞ መልስ መጣ። የጻፈችው የሰው ኃይል ባለሙያዋ ነበረች፤ ብዙ ሰው ዝም እንደሚል፣ መጠየቋም እንዳስደሰታት ትላለች። ሁለት ነገር ጠቅሳለች። አንደኛው፣ በትምህርት ጊዜ የተሠራው የመስክ ሥራ በጥቅሉ ተጽፏል፤ ምን ችግኝ፣ ስንት ወር፣ ከማን ጋር የሚለው የለም። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። «ሥራው ቀኑን ሙሉ ከገበሬዎች ጋር ስለሆነ ለአገውኛ ነጥብ እንሰጣለን፤ ማስታወቂያውም ላይ ነበር። በእርስዎ ሲቪ ላይ ያገኘነው አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። የሚጨመር ካለ የታረመውን ይላኩልን፤ ከተጠባባቂዎች ጋር እንይዘዋለን።»

ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

እኛ እቤት ከእናታችን ጋር የምናወራው በአገውኛ ነው። እህቴ ያንን ሲቪ ስታስጽፈኝ አገውኛን ከሁሉ በፊት ነው የጠራችው። ጽፌውም ነበር። በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ብቻዬን ሳስተካክለው አንዲት መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ፈሰሰች። ሲቪ አንድ ገጽ ይሁን ስለሚባል የምትጠፋ መስመር ፈለግሁና አገውኛን አጠፋሁ። የቦታ ጥበት ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ራሴን ሳስተዋውቅ የአገውኛ ቅላጼዬን ሰምተው ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ቢሮ ያሉ ሰዎች እህቴንም እንደዚያ እንዲሰሟት አልፈለግሁም። ደግሞስ በዚህ አገር አገውኛ የማይችል ማን አለ፣ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነበር።

መደወል ነበረብኝ። አልደወልሁም። ሲቪውን አረምሁ፤ የመስክ ሥራዋን ቀደም ብላ ከነገረችኝ ዘርዝሬ አስገባሁ፤ አገውኛን ከላይ አደረግሁ። ከዚያ በእሷ ስም «ስቸኩል ረስቼው ነው፤ ይቅርታ» ብዬ ላክሁ። ለእሷ ደውዬ የነገርኋት የመልሱን ግማሽ ነው፤ የመስክ ሥራሽን ዘርዝሪ ብለዋል፣ አስተካክዬ ልኬዋለሁ፣ ከተጠባባቂዎች ጋር ይዘውሻል አልኋት።

«እንዲህ ነው ወንድም!» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከወር በኋላ እንደገና እንጻፍላቸው ስላት እምቢ አለች። «አዲስ ነገር ሳይኖረን? እናሰለቻቸዋለን።» እሷ ግን አዲሱን ነገር ፈለገችው። የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ ለምና በነጻ ችግኝ ጣቢያ መርዳት ጀመረች። ያኔ ነው ሁለት መስመር ያስላከችኝ፤ አሁን ይህን እየሠራሁ ነው፣ ፍላጎቴም እንዳለ ነው የሚል። ባለሙያዋ «ደርሶናል፤ መዝግበነዋል» ብላ መለሰች። እኔ ያንን ኢሜይል በከፈትሁ ቁጥር ከሥሩ «ስቸኩል ረስቼው ነው» የሚለውን አያለሁ።

ከዚያ ከዳንግላ ተደወለ። አንድ ሠራተኛ ስለለቀቀ ለቃለ መጠይቅ ነይ አሏት። ስትመለስ እንጅባራ መናኸሪያ ጠበቅኋት። ከሚኒባሱ ወርዳ ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ገና ስገባ ባለሙያዋ በአገውኛ ጠየቀችኝ» አለች። «መለስሁላት። ደስ አላት። ‹እንዲህ እየተናገርሽ እንዴት ረሳሽው?› አለችኝ።»

ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«የቱን ስላት ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። እኔ ጻፍሁት የተባለውን ከሰው እኩል አነበብሁት።»

«እታለም…»

«ቆይ። ‹አዎ፣ ቸኩዬ ነው› አልኋት። ምን ልበል? ወንድሜ ነው የሚጽፍልኝ ብል ማን ይቀጥረኛል? ቁጭ ብዬ ዋሸሁልህ።»

አገውኛን ለምን እንዳጠፋሁት ነገርኋት፤ የገጹንም፣ የሳቁትንም። የባጃጅ ሾፌሮች ጥርባ፣ ጥርባ እያሉ ይጣሩ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ የመለሰችልኝ በአገውኛ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብላ። ልክ እናታችን ስትቆጣ እንደምትለው፣ በቋንቋህ ማን አሳፈረህ አለችኝ። ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ገባች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። የባለሙያዋን ስምና ደማቁን ርዕስ ስልኬ ላይ አየሁ፤ አልከፈትሁትም። ከትምህርት ወጥቼ ወደ ጥርባ ሄድሁና ከነስልኩ ሰጠኋት። ጉብታው ላይ ወጥታ ብቻዋን ከፈተችው። እኔ ከታች ሆኜ ጀርባዋን አያለሁ።

«አለፍሁ» አለች ስትወርድ።

አቅፌ ልስማት ስል እጇን አነሣች።

«የሥራው ቦታ አዘና ነው። የዘንገናውን በመጀመሪያው ዙር ያለፈችው ይዛዋለች።»

አዘና ቤት መከራየት አለባት፤ እናታችንን የምታየው ከሳምንት ሳምንት ይሆናል። ያቺ መስመር ሲቪው ላይ ብትኖር ኖሮ ዘንገናን ታገኝ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም አላለችኝም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቦታውን እንደምትቀበል ራሷ ጻፈች። በአንድ ጣቷ ስለምትጽፍ ብዙ ቆየች። አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ስትጨርስ ስልኩን መለሰችልኝና «አሁን የእኔን ኢሜይል ከዚህ አውጣው፤ አዘና ስልክ እገዛለሁ» አለች።

እዚያው እያየችኝ አወጣሁት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናታችን ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ። «እህትህ ምን ቸግሯት ነው ያን ያህል የራቀችው?» ትለኛለች። በአገውኛ ነው የምትጠይቀኝ፤ እስካሁን በአገውኛም በአማርኛም አልመለስሁላትም።